ሪፖርት ጽፌ ሰጠሁ፣ ባለሱቁ «ፈጠራ ነው» አለኝ። እስቲ አንብቡልኝ

ተረኛው
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። አምስት ሱቆች አዋጥተው ነው የቀጠሩኝ። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከአምስቱ አንዱን፣ የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ መሸጫውን፣ ሊሰብሩ ሲሉ ደረስኩና ሸሹ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው የለም፣ የተወሰደም ዕቃ የለም። ያኔውኑ ለባለቤቱ ደወልኩለት። ጠዋት መጥቶ «በጽሑፍ አድርገውና ለፖሊስ እንስጥ» አለኝ፣ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ግን ካሜራውን አይቶ ፊቱ ተለዋውጦ መጣ። «8፡40 ላይ ምንም የለም። ተኝተህ ነበር፣ ስትነቃ ቁልፉ ተነክቶ አየህና ደወልክልኝ፣ ሌላው ፈጠራ ነው» ብሎኝ አረፈው። የጓጉንቸሩንም ዋጋ ከደሞዝህ እቆርጣለሁ አለ። የጻፍኩት ይኸውላችሁ፣ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

«በ17/3 ሌሊት በግምት 8፡40 ሰዓት ላይ በጥበቃ ሥራዬ ላይ እያለሁ ሁለት ሌቦች የሱቁን በር ሰብረው ሊሰርቁ ሲሞክሩ ደርሼ በቁጥጥር ሥር ላውላቸው ስል አምልጠውኛል። አንደኛው እዚህ አካባቢ ባጃጅ የሚያጥበው ልጅ ነው። ቁልፉን በመጋዝ ቆርጠውታል። ንብረት አልጠፋም። እኔም ሥራዬን በትጋት ተወጥቻለሁ።»

ጎንደሬው
ምንም ችግር የለውም፣ አሪፍ ነው። እንዲያውም የልጁን ስም በግልጽ ጻፈው፣ አለበለዚያ ፖሊስ ማንን ይፈልግ? ደግሞ ምንም አልተሰረቀም አይደል፣ እንግዲህ ወንጀልም የለም ብለው ይመልሱሃል። ስም ካለበት ግን ይንቀሳቀሳሉ።

ባለሱቋ አዘዞ
ወንድሜ እኔም ደርሶብኛል። ጓጉንቸር ብትቀይር ባትቀይር ዋጋ የለውም። አዘዞ ያለችው ሱቄ በር ላይ ሦስት ቁልፍ ነበር፣ አንዱም ሳይነካ በጣሪያ ገቡ! የቆርቆሮውን ምስማር ከኋላ በኩል ነቅለው አንዷን ቆርቆሮ ገለጥ አድርገው ወረዱ። ዘይቱን ትተው ሲጋራና የሞባይል ካርድ ብቻ መርጠው ሄዱ። ቆርቆሮውን መልሰው ስለከደኑት ለቀናት በየት እንደገቡ አላወቅንም ነበር። ከበሩ ይልቅ ጣሪያህን እይ፣ ቁልፍ ከገዛህም ቀለበቱ የማይታይ ዓይነት ግዛ።

ተረኛው
እትዬ ሱቁ የኔ አይደለም፣ እኔ ጠባቂ ነኝ። የጠየቅኩትም ስለ ሪፖርቱ ነበር። ግን ጣሪያውን ማንም አላየውም፣ ጥሩ አስታወሱኝ።

መቶ አለቃ ጡረታ
ልጄ፣ ብዙ ዘመን ቃል ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝና ሳትቀየም ስማኝ። ይህ ወረቀት ባለሱቁ ባይጠራጠርህ እንኳ መርማሪው ይጠራጠርሃል። የዋሸህ ስለሚመስል አይደለም። ያየኸውን፣ የሰማኸውንና የገመትከውን አንድ ላይ ስለቀላቀልከው ነው። መጀመሪያ ይህን መልስልኝ።

ድምፁ ሲጀምር የት ቆመህ ነበር? መጀመሪያ ሰማህ ወይስ አየህ? በዓይንህ ያየኸው ስንት ሰው ነው? መብራት ነበር? ፊቱን አይተሃል? አንተ ምን አደረግክ? ከዚያ ወዲህ በሩ አካባቢ ማን ምን ነካ? ለወረቀት ሳይሆን ለእኔ እንደምታወራኝ አድርገህ ጻፈው።

ተረኛው
እሺ አያ። ከአምስቱ ሱቆች መጨረሻ ያለው ጥግ ላይ ነበርኩ። ብረት በብረት ሲፈገፈግ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ አይጥ ቆርቆሮ ላይ የምትሯሯጥ መስሎኝ ነበር፣ ግን አላቋርጥ አለ። ጋቢዬን ጥዬ ወደዚያው ሄድኩ። ጥጉን ስዞር አንድ ሰው በሩ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ከኋላ ካለው ቅያስ ፉጨት ተሰማ። ባትሪ አበራሁበት፣ ፊሽካ ነፋሁ፣ ብድግ ብሎ ወደ ቅያሱ በረረ። አልተከተልኩትም። ብከተለው አምስቱም ሱቅ ባዶውን ይቀራል፣ ቅያሱ ውስጥም ማን እንዳለ አላውቅም።

የጎረቤቱ ሱቅ አምፖል በርቶ ነበር፣ ፊቱን ግን አላየሁም። ጥቁር ጃኬት ከነኮፍያው፣ ቀጭን፣ ከእኔ ትንሽ ረዘም ይላል። ሲሮጥ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ወርወር ያደርጋል። ባጃጅ የሚያጥበው ልጅ እንደዚያ ስለሚሄድ ነው እሱ ነው ያልኩት።

በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አለ። የታችኛው ቀለበቱ ግማሽ ድረስ ተጋዝቷል፣ የላይኛው አልተነካም። ደፉ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ነበር። አጠገቡ ማዳበሪያ ተጥሎ አገኘሁ፣ አፉ ክፍት ስለነበር ውስጡ አጭር ፌሮ ይታያል። መጋዙን ይዞት ሄዷል መሰለኝ፣ አላገኘሁትም። እኔ ምንም አልነካሁም። ጠዋት ግን የሱቁ ሠራተኛ ማዳበሪያውን አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባው፣ ደፉንም ጠረገው። ተው ብለው «ደንበኛ ሊመጣ ነው» አለኝ።

መቶ አለቃ ጡረታ
አየህ! ይህኛው ከወረቀቱ ስንት እጅ ይሻላል። አሁን አንድ በአንድ እንየው።

«ሁለት ሌቦች» ብለሃል። ያየኸው አንድ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ፉጨት ነው። ያፏጨው አብሮት የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ሰክሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ መንገደኛም ሊሆን ይችላል። ሁለት ብለህ ከፈረምክና ነገ ካሜራው አንድ ሰው ብቻ ካሳየ የቀረውም ቃልህ አብሮ ይወድቃል። «አንድ ሰው አየሁ፣ ከቅያሱ ፉጨት ሰማሁ፣ ያፏጨውን አላየሁም» በል፣ በቃ።

«ቁልፉን ቆርጠውታል» ብለሃል። አልተቆረጠም፣ ግማሽ ድረስ ነው የተጋዘው። ልዩነቱ ላንተው ነው የሚጠቅመው። ተራ ጓጉንቸር በሰጌቶ ብዙ አይቆይም። አንተ ተኝተህ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ጨርሶት፣ ወደ ላይኛው አልፎ፣ ፌሮውን አስገብቶ በሩን ይፈለቅቀው ነበር። ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎ፣ ማዳበሪያውን እንኳ ሳያነሳ የሄደ ሰው አንድ ነገር አስደንግጦታል።

«በቁጥጥር ሥር ላውል ስል» ያልከውን አውጣው። አልሞከርክም፣ ባለመሞከርህም ደግ አደረግክ። «በትጋት ተወጥቻለሁ» የሚለውም ይውጣ፣ እሱን የሚፈርድልህ ሌላ ሰው ነው።

ጎንደሬው
እሺ የልጁስ ነገር? አካሄዱን አውቆታል እኮ።

መቶ አለቃ ጡረታ
ሪፖርቱ ላይ አካሄዱን ይጻፍ፣ ስሙን አይጻፍ። ይህ ወረቀት በባለሱቁ እጅ ነው የሚያልፈው። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ያነበዋል፣ ልጁ ባይሆንስ? ለመርማሪው ቃሉን ሲሰጥ ግን በአፉ «አሯሯጡ እገሌን ይመስላል፣ ፊቱን ግን አላየሁም» ይበል። ያን ጊዜ ማጣራቱ የፖሊስ ሥራ ይሆናል።

ሕግ 3ኛ ዓመት
ጎንደሬው «ካልተሰረቀ ወንጀል የለም» ያልከው ልክ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 27 ሙከራም ያስቀጣል። ዝግጅት ብቻ ከሆነ ነው በመርህ ደረጃ የማያስቀጣው፣ እሱ አንቀጽ 26 ነው። ስለዚህ ሰውየው ፌሮ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሞ ቢሆን ያከራክር ነበር፣ ቀለበቱን መጋዝ ከጀመረ ግን ድርጊቱን ጀምሯል ማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ «በአንቀጽ 27 እና 669 መሠረት» ብለህ ጨምርበት።

አንድ ነገር ግን፣ መቶ አለቃ፣ ግማሽ ላይ መቆሙ የግድ ጥበቃው ስለደረሰበት ነው ማለት አይቻልም። የመጋዙ ምላጭ ተሰብሮበትም ሊሆን ይችላል።

መቶ አለቃ ጡረታ
አንቀጹን ለዐቃቤ ሕግ ተውለት፣ ጠባቂ አንቀጽ ሲጠቅስ ሌላ ሰው የጻፈለት ይመስላል። ስለ ምላጩ ያልከው ግን ያስኬዳል። ተረኛው፣ ስባሪ ምላጭ መሬት ላይ አይተሃል? ጥራጊውስ የት ተደፋ?

ተረኛው
በሌሊት በባትሪ ስፈልግ ስባሪ አላየሁም። ጥራጊው ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተደባልቋል፣ ከእንግዲህ አይለይም።

ካሜራ ገጣሚ
ቆይ፣ ዋናውን ነገር ማንም አላነሳውም። ባለሱቁ «8፡40 ላይ ምንም የለም» ያለው የትኛው 8፡40 ላይ ነው ያየው? ማሽኑ ላይ የሚታየው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የኛ ሌሊት 8፡40 እዚያ 02:40 ነው። 08:40 ላይ ከፈለገ ያየው ጠዋት 2፡40ን ነው፣ ሱቁ ተከፍቶ ሰው ሲገባና ሲወጣ! ቀኑም ይሳሳታል። ኅዳር 17 በነሱ 26 ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ማሽኑ 27 ብሎ ይመዘግባል። በ26 ከፈለገ ያለፈውን ሌሊት ነው የሚያገኘው።

ሌላም አለ። እዚህ መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ የማሽኖቹ ሰዓት ይዛባል። ውስጧ ያለችው ትንሿ ባትሪ ስትሞት እንዲያውም ወደ 2000 ዓመት የሚመለስ አለ። ስለዚህ ሂዱና የማሽኑን ስክሪንና የስልክህን ሰዓት በአንድ ፎቶ አንሳ። ልዩነቱን ጻፈው። ሰዓቱን ግን አታስተካክሉት! ካስተካከላችሁ በኋላ የድሮውን ልዩነት የሚያሳይ ምንም አይኖርም። ከዚያ ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጡ፣ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ስለሚቀዳ አትዘግዩ።

ዝም ብዬ አንባቢ
ሰውየው ጠዋት ቡና ሲጠጣ የተቀዳውን አይቶ ነው እንግዲህ ሌባ የለም ያለው 😂

ተረኛው
አሁን ነው የተመለስኩት። ካሜራ ገጣሚ እግዜር ይስጥህ!

ያየው በ26፣ ያውም 08:40 ላይ ነበር። በ27 ፈለግን። ስክሪኑ ላይ 2024-11-27 02:12 ሲል አንድ ሰው መጥቶ በሩ ሥር ቁጢጥ ይላል። 02:17 ላይ የባትሪ ብርሃን ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ሰውየው ተነስቶ ይሮጣል፣ ከዚያ እኔ እገባለሁ። ማሽኑ ከስልኬ 23 ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል፣ ፎቶ አንስቻለሁ። እንግዲህ 02:17 የሚለው ትክክለኛው 02:40 ነው፣ ያልኩት ሰዓት ማለት ነው። ለባለቤቱ የደወልኩትም ስልኬ ላይ አለ፣ 02:47 ላይ ደውዬ አላነሳም፣ 02:49 ላይ አነሳ። ካሜራው በሩን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ቅያሱ አይታይም። ፉጨቱ የማን እንደሆነ እንዳልታወቀ ቀረ።

ባለቤቱ ይቅርታ አላለም። ደግሞ አዲስ ነገር አመጣ። «ከ02:12 እስከ 02:17 አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲጋዝ የት ነበርክ?» ይለኛል።

መቶ አለቃ ጡረታ
ይህን ጥያቄ መርማሪውም ይጠይቅሃል፣ አትደንግጥ። መልሱ የቆምክበት ቦታ ነው። አምስት ሱቅ የሚጠብቅ ሰው አንዱ በር ላይ ተተክሎ አያድርም። ቁጢጥ ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ይጋዝ ነበር ማለትም አይደለም፣ ካሜራው ድምፅ አይቀዳም አይደል? ቪዲዮው ላይ ክንዱ መንቀሳቀስ የጀመረው መቼ እንደሆነ እዩ። በል አሁን እንደገና ጻፈውና አሳየኝ። ቀኑን «17/3 ሌሊት» አትበል፣ የትኛውን ሌሊት እንደሆነ አያሳይም። «ለ18 አጥቢያ» ብለህ ጻፍ።

ተረኛው
ይኸው፦

«ማክሰኞ ኅዳር 17 ለረቡዕ ኅዳር 18 አጥቢያ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ 8፡40 ገደማ ከአምስቱ ሱቆች መጨረሻ ያለው ጥግ ላይ ሆኜ ብረት በብረት ሲፈገፈግ ሰማሁ። ወደ ድምፁ ሄድኩ። ከ30 እርምጃ ያህል ርቀት አንድ ሰው በሞባይል መሸጫው በር ሥር ቁጢጥ ብሎ አየሁ። የጎረቤት ሱቅ አምፖል በርቶ ነበር። ፊቱን አላየሁም። ኮፍያ ያለው ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ቀጭን ነው፣ ከእኔ ትንሽ ይረዝማል። ከኋላ ካለው ቅያስ ፉጨት ሰማሁ፣ ያፏጨውን ሰው አላየሁም። ባትሪ አብርቼ ፊሽካ ነፋሁ። ሰውየው ወደ ቅያሱ ሮጠ፣ ሲሮጥ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ይወረውራል። ሌሎቹ ሱቆች ያለጠባቂ ስለሚቀሩ አልተከተልኩትም።

8፡47 ላይ ለሱቁ ባለቤት ደወልኩ፣ አላነሳም። 8፡49 ላይ አነሳ፣ ነገርኩት። የታችኛው ጓጉንቸር ቀለበት ግማሽ ድረስ ተጋዝቷል። የላይኛው አልተነካም። ደፉ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ነበር። አጠገቡ አፉ የተከፈተ ማዳበሪያ አገኘሁ፣ ውስጡ አጭር ፌሮ ይታያል። መጋዝ አላገኘሁም። እኔ አልነካሁም። ጠዋት 12፡30 ገደማ የሱቁ ሠራተኛ ማዳበሪያውን ወደ ሱቅ አስገብቷል፣ ደፉንም ጠርጓል። የካሜራው ሰዓት ከስልኬ 23 ደቂቃ ወደኋላ የቀረ ነው፣ ፎቶው ተያይዟል።»

መቶ አለቃ ጡረታ
አሁን ሰው የሚያምነው ነገር ሆነ። የመጀመሪያውንም አትቅደደው፣ አንዴ ሰጥተኸዋል። «ይህ ኅዳር እገሌ ቀን የጻፍኩትን የሚያብራራ ነው» ብለህ አዲሱ ላይ ቀን አስገባና ፈርም። አንድ ቅጂ አንተ ጋ ይቅር። ማዳበሪያውንም ከእንግዲህ ማንም አይነካካው፣ ሠራተኛው እንደነካው መጻፍህ ልጁን ለመክሰስ አይደለም፣ አሻራ ቢነሳ የማን እንደሆነ እንዲለይ ነው።

ባለሱቋ አዘዞ
ጣሪያውን አየህ?

ተረኛው
አየሁ እትዬ፣ በጎረቤቱ መሰላል ወጣሁ። ከኋላ በኩል አራት ምስማር የለም። ግን ቀዳዳዎቹ ዙሪያቸው ዝገዋል፣ አቧራም ሞልቷቸዋል። የሰሞኑ አይመስለኝም። አያ፣ ይህንንም ሪፖርቱ ላይ ልጨምር?

መቶ አለቃ ጡረታ
እዚያው ላይ አትጨምር፣ በዚያ ሌሊት ያየኸው አይደለም። ለብቻው ሁለት መስመር ጻፍ፣ መቼ እንዳየኸው፣ ምን እንዳየህ፣ ቀዳዳው ዝገት እንዳለው። የሌባው ይሁን የአናጢው አንተ አትወስን። ባለቤቱ ግን ዛሬውኑ ያስመታው።

ሕግ 3ኛ ዓመት
ስለ ደሞዙ ማንም አልመለሰለትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 ላይ አሠሪ ዝም ብሎ ከደሞዝ አይቆርጥም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም አንተ በጽሑፍ ካልተስማማህ አይቻልም። ቢቆረጥ እንኳ ከወር ደሞዝህ ሲሶውን አያልፍም። ስለዚህ «ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት እንዳትፈርም።

ጎንደሬው
አምስት ሰው አዋጥቶ የቀጠረውን የትኛው አሠሪ ነው የምትለው? ውል አለህ እንዴ ወንድሜ?

ተረኛው
የጽሑፍ ውል የለኝም፣ በቃል ነው። ደሞዙን አንዱ ሰብስቦ ይሰጠኛል፣ እሱ ደግሞ ይኸው ባለሱቅ ነው።

ሕግ 3ኛ ዓመት
የቃል ውልም ውል ነው። አሠሪው አንዱ ነው አምስቱም የሚለውን ግን እኔም አስተማሪ ጠይቄ እመለሳለሁ።

ተረኛው
ለጊዜው፦ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፣ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ወረቀቱን አንብቦ የጠየቀኝ ብዙው ስለ ፉጨቱ ነው፣ ከየት አቅጣጫ፣ ሰውየው ከመሮጡ በፊት ነው በኋላ። በፊት ነው አልኩት። ፍላሹንና ማዳበሪያውን ተቀበሉን፣ ጓጉንቸሩንም ፈትተው ወሰዱት። ስለ አሯሯጡም በአፌ ነገርኩት፣ ጻፈው። ባለቤቱ ስለ ቆረጣው ዝም ብሏል፣ ወሩ ሲያልቅ ይታያል።

ባለሱቋ አዘዞ
ካሜራ ገጣሚ፣ አዘዞ ድረስ ትመጣለህ? የኔም ማሽን ሰዓቱ ከስልኬ ጋር አይገናኝም። ደግሞ ጣሪያው ላይ የሚያይ አንድ ካሜራ ማስጨመር ፈልጌ ነበር።

ካሜራ ገጣሚ
እመጣለሁ እትዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይመችዎታል? እስከዚያ ሰዓቱን እንዳይነኩት።